የወር አበባዋ ተመለሰ፣ ደሟ ግን አልተመለሰም፦ ከሁዳዴ በኋላ የመጣች አንዲት ሴት ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ወደ አቃቂ አቅጣጫ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በየዓመቱ ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ወረፋው ይረዝማል። አንዳንዱ ሆዱን ይዞ ይመጣል። ከ55 ቀን በኋላ ዶሮና ቅቤ በአንድ ሌሊት ሲወርድበት ሆድስ ምን ያድርግ። ሌሎቹ ደግሞ "ሲስተር፣ ጉልበቴ ከዳኝ" የሚሉ ሴቶች ናቸው። እነዚህን አይረን ኪኒን ሰጥተን መሸኘት ልማዳችን ነበር።

ይህችን ሴት የመዘገብኳት ያ ልማድ እሷ ላይ ስላልሠራ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ አልጠቅስም። ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳለች።

ሴትየዋና ቀኗ

ዕድሜዋ 26 ነው። አላገባችም፣ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ጋርመንት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ላይ ልክ እያወጣች በጠመኔ ታሰምራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጿሚ ናት። ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያት፣ ሁዳዴ፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ አንዱም አይቀራትም። ምእመኑ እንዲጾማቸው የታዘዙት ቀናት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሞላሉ።

እኔ ዘንድ የመጣችው በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 15 ነው፤ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን። ቅሬታዋ ሦስት ነበር። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ጭልም ይላል። የወር አበባዋ ጠፍቶ ቆይቶ ለሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው መጣ፣ እንደመጣም አልቆም አለ። ለእሷ ከሁሉ የከበደው ይኼኛው ነው። የሆሳዕና ዕለት ቅዳሴ አልገባችም። የሰሙነ ሕማማቱን ስግደትም ውጭ፣ ከቅጥሩ በር አጠገብ ቆማ አየችው። "ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩትን ሳምንት በር ላይ ጨረስኩት" አለችኝ።

ቀኗን ከመነሻው እስከ መኝታዋ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ከዚያ በኋላ ለሁሉም የምጠይቀው ጥያቄ ሆኗል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ትነሳለች። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ለመያዝ ትወጣለች። ሥራ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምራል። የምሳ እረፍቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ጾም ስለሆነች ጓደኞቿ ሲበሉ እሷ ጥግ ይዛ ታሸልባለች። 9 ሰዓት ሲሆን ጾሙ ይፈታል፣ ማሽኑ ግን አይቆምም፤ በዚያ ሰዓት እረፍት የለም። 11 ሰዓት ትወጣለች። መንገዱ ተዘጋግቶ ቤቷ ስትደርስ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በ24 ሰዓት ውስጥ የምትበላው ያኔ ብቻ ነው፤ አንድ እንጀራ ተኩል በሽሮ። እናቷ ቡናውን አፍልተው ይጠብቃሉ፤ እጇን ታጥባ እንደተቀመጠች ሲኒው ይቀርባል። 3 ሰዓት ላይ ትተኛለች።

ልብ በሉ፣ ቤተ ክርስቲያኗ እስከ 9 ሰዓት ጹሚ ነው ያለቻት። እስከ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ያቆያት የፋብሪካው ሰዓትና መንገዱ ነው። እኔም መጀመሪያ ይህን ልዩነት አላየሁትም።

ምርመራው ምን አሳየ

ከእኛ በፊት አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ሄሞግሎቢኗ 12.1 ስለመጣ "ደምሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው" ተብላ ቫይታሚን ይዛ ተመልሳለች። ወረቀቱ ላይ እውነትም ደህና ይመስላል፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ወለሉ 12 ነውና። ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል የወጣ ነው። እኛ የምንኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሰው ሁሉ ተጨማሪ ቀይ ደም ሕዋስ ይሠራል። ስለዚህ ወለሉ ጋር ከማነጻጸራችን በፊት ከውጤቱ 1 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ አለብን። 12.1 ተቀንሶ 11 አካባቢ ይወርዳል። ደም ማነስ አለባት ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ እዚያው ወረቀት ላይ ነበር፤ ማንም አላነበበውም። የቀይ ደም ሕዋሷ መጠን 74 ነበር፣ ከ80 በታች። ሕዋሱ የሚያንሰው በአብዛኛው ብረት ሲያጥረው ነው። የጾም ነገር ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ እሱ ሲጎድል ግን ሕዋሱ ይተልቃል እንጂ አያንስም።

ጤና መኮንናችን የሽንት እርግዝና ምርመራ አዘዘ፤ የለም። ሰገራዋ ውስጥ ትል አልተገኘም። የታይሮይድና የፌሪቲን ምርመራ እኛ ጋ ስለማይሠራ ውጭ ላክናት። ታይሮይዷ ደህና ነው። ፌሪቲን የብረት ጎተራው ምን ያህል እንደያዘ የሚነግረን ነው። አዋቂ ላይ ከ15 ካነሰ ጎተራው ባዶ ነው እንላለን። የእሷ 7 መጣ። ፌሪቲን በኢንፌክሽን ጊዜ ያለ እውነቱ ከፍ ይላል፤ እሷ ትኩሳትም ሳልም ስላልነበራት ውጤቱን አመንነው።

ክብደቷ 47 ኪሎ ነበር። ከጾሙ በፊት ፋብሪካው ሲመዝናት 52 ነበረች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ61 ነው።

የወር አበባው ለምን ዘገየ፣ ለምንስ በዛ

ቀኑን የምትቆጥረው በቅዳሴ ነው። መግባት የማትችልባቸውን እሑዶች ስለምታስታውስ፣ ስልክ ላይ ከሚመዘግቡት በተሻለ ታውቀዋለች። በወትሮው በ29 ወይም በ30 ቀን ይመጣል። በጾመ ነቢያት አንዱ ዙር 38 ቀን ሄደ። ከገና በኋላ ተስተካከለ። ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ። የመጨረሻው የወር አበባዋ የካቲት 5 ነበር፤ ቀጣዩ የመጣው ሚያዝያ 2 ነው። 57 ቀን መሆኑ ነው።

ብዙ ሴቶች "ደሜ ስላነሰ የወር አበባዬ ቀረ" ይላሉ። እሷም እንደዚያ ነበር የምታስበው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የወር አበባን ሰዓት የሚይዘው አንጎል ነው። ከአንጎል ሥር ያለ ዕጢ በየተወሰነ ደቂቃ ለእንቁላል ማኅደሩ ትእዛዝ ይልካል። የሚበላው ከሚወጣው ጉልበት በጣም ሲያንስ ያ ትእዛዝ ይሳሳል፣ እንቁላሉም ይዘገያል። እንቁላል ከወጣ በኋላ እስከ ደሙ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ እሱ ብዙም አይለዋወጥም። የሚለጠጠው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የወር አበባዋን ያዘገየው የምግቧ ማነስ ነው። እዚያ ላይ ሌሊት መነሳቱንና በሁዳዴ የሚበዛውን ስግደት ጨምሩበት።

መብዛቱ የመዘግየቱ ተከታይ ይመስለኛል። እንቁላሉ ሲዘገይ ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ሲቀር የማኅፀን ውስጠኛው ሽፋን ሳይራገፍ ይከርማል። ሲራገፍ ረዝሞና በዝቶ ሊፈስ ይችላል። የእሷ ዘጠኝ ቀን ፈሰሰ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ስድስት ስድስት ሞዴስ ቀይራለች። ሌሊት ሁለት ደርባ ነው የተኛችው፣ ያም ሆኖ አንሶላውን አበላሽቶባታል። የረጋ ደምም አይታለች። "ስንት ሞዴስ?" የሚለው ጥያቄ "ይበዛብሻል ወይ?" ከሚለው ይሻላል፤ ለሁለተኛው ሁሉም "እንደማንኛውም ሰው ነው" ብለው ነው የሚመልሱት።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ይይዛል። ተራ የወር አበባ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ 20 ሚሊ ግራም ብረት ይወስዳል። ከ80 ሚሊ ሊትር ካለፈ ብዙ ነው ይባላል፤ ያኔ 40 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሰውነት ከምግብ የሚወስደው ደግሞ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ያውም በልተሽ ከተገኘሽ።

እዚህ ላይ "ጤፍ ብረት አለው እኮ" የሚል ሰው አይጠፋም። አለው። ነገር ግን ከጤፉ ብረት አንዱ ክፍል አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፤ ያን ሰውነት እምብዛም አይወስደውም። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ፋይቴት የሚባል ነገር ያስረዋል። ሊጡ ሲቦካ ከፋይቴቱ የተወሰነው ይፈርሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል። ቡናው ግን ያንን ትርፍ መልሶ ይበላዋል። ከምግብ ጋርም ሆነ ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተጠጣ ቡና የብረቱን መግቢያ በእጅጉ ይቀንሳል። የእሷ ሲኒ የሚቀርበው እጇን እንደታጠበች ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላት አንድ ምግብ ያለ ቡና አልፎ አያውቅም።

መጀመሪያ ያደረግነው፣ ያልሠራውም

የመጀመሪያው ስህተቴ "ለጊዜው መጾም አቁሚ" ማለቴ ነው። "እሺ ሲስተር" አለች። በዚያ እሺ ደስ ብሎኝ ሸኘኋት። እኔም የምጾም ሰው ነኝ፤ ያ እሺ "አልችልም" ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ደግነቱ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ስህተቴ ወዲያው አልታየም።

ሁለተኛው ኪኒኑ ነው። 60 ሚሊ ግራም ብረት ያለውን ከፎሊክ አሲድ ጋር ጠዋትና ማታ እንድትውጥ አዘዝናት። ቁርስ ሳትቀምስ በባዶ ሆድ ዋጠችው። ሥራ ቦታ አቅለሸለሻት። ሆዷ ደረቀ። ሰገራዋ ሲጠቁር "ውስጤ ደማ" ብላ ደነገጠች። መጥቆሩ የኪኒኑ ተራ ጠባይ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ አልነገርኳትም። በዘጠነኛው ቀን አቆመች፤ ለእኔም አልነገረችኝም።

ግንቦት 14 ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ክብደቷ 50 ደርሷል። የወር አበባዋ በ33 ቀን መጥቶ በአምስት ቀን ሄደ። "ድኛለሁ" አለች። ሄሞግሎቢኗን ስናየው 12.0።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ይኼ ነው። ምግብ ስታገኝ አንጎሏ በሳምንታት ውስጥ ትእዛዙን መላክ ጀመረ። ዑደቱ ተስተካከለ፣ ክብደቷም ተመለሰ። ጎተራው ግን ባዶ እንደሆነ ቀረ፤ እሱ የሚሞላው በወራት ነው። ሴትየዋ የወር አበባዋ ስለተስተካከለ ብቻ ዳንኩ ብላ ወደሚቀጥለው ጾም ልትገባ ነበር።

ያን ቀን ስታወራ እጇ ከጋዋኗ ኪስ አይወጣም ነበር። "ምን ይዘሻል?" አልኳት። አፍራ አወጣችው፤ የልብስ ስፌት ጠመኔ፣ ጠርዙ በጥርስ የተነከሰ። ከጥር ጀምሮ ትቆረጥመዋለች። የዝናብ አፈር ሲሸታትም አፏ ውኃ ይሞላል። አፈር፣ ጠመኔ፣ ጥሬ ሩዝ ወይም በረዶ ማማር የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ነው። ካልተጠየቀች ማንም ሴት አታወራውም፤ እርጉዝ ነሽ ይሏታላ።

ሁለተኛው ሙከራ

ኪኒኑን ወደ አንድ ዝቅ አደረግነው፤ ያውም አንድ ቀን እየዘለለች። ለሰሚው እንግዳ ይመስላል። አንድ ጊዜ ብዙ ብረት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እሱም ለአንድ ቀን ያህል በሩን ይዘጋል። በማግስቱ የሚዋጠው ከተዘጋ በር ጋር ይጋጫል፣ ሆድንም ያስቆጣል። ስለዚህ ማታ፣ ከእራት ጋር፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ እንድትውጠው ተስማማን። በባዶ ሆድ ቢሆን የተሻለ ይገባ ነበር። የሚዋጥ ኪኒን ግን ከሚጣለው ይበልጣል።

ቡናውን ለማዛወር እናቷን መጥራት ግድ ሆነ። "ልጄ ያለ ቡና እንዴት ታድራለች?" አሉኝ። "እማማ፣ አይቅርባት፤ ከእራቱ ሁለት ሰዓት ይራቅ" አልኳቸው። ይህ በሥራ ቀን ከመኝታ ጋር ስለሚጋጭ አልሆነም። በመጨረሻ የሥራ ቀን ቡናዋን ትታ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ላይ እንድትጠጣ እሳቸው ራሳቸው ወሰኑ።

የጾሙን ነገር ለነፍስ አባቷ ተውኩት። እሷም ወረቀቷን ይዛ ሄደች። የነገሯት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት ይጾማል እንጂ ከእህልና ከውኃ አይጾምም፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር። እሷ ቅዳሜንም እስከ 9 ሰዓት ስትጾም ኖራለች። ሁለተኛ፣ እስክትድን በሥራ ቀን በ6 ሰዓቱ እረፍት እንድትበላ ፈቀዱላት፤ ስግደቷንም ቀነሱላት። "እኔ ከነገርኩሽ ምን ለየው?" ብዬ ቀለድኩባት። "አንቺ አቁሚ አልሽኝ፤ አባ ግን እንዴት እንደምጾም ነገሩኝ" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ይግባ የሚለውን ከእናቷ ጋር ተነጋገርን። አዚፋ ለዚህ የተሠራ ምግብ ነው። ምስሩ ብረት ይሰጣል፣ ሎሚውና ቃሪያው ደግሞ የታሰረውን ብረት ይፈታሉ። ቀዝቅዞ ስለሚበላ ማሞቂያም አይፈልግም። ሎሚው ሲበላ ቢጨመቅ ይሻላል፤ ቫይታሚን ሲው በሙቀትና በቆይታ ይቀንሳል። ለጉልበት ደግሞ በሶ፣ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ አንዳንዴ የሱፍ ፍትፍት። ውድ ነገር የለበትም። ሽሮውም አልተነሳም፤ ጎመን ተጨመረበት እንጂ።

ውጤቱ

የሐዋርያት ጾም ሰኔ 2 ገባ። በ6 ሰዓት እየበላች ጾመችው። ዑደቷ 30 ቀን ሆነ። ጠመኔ መቆርጠም ያቆመችው ሐምሌ ላይ ነው፤ ሄሞግሎቢኑ ገና ብዙም ሳይንቀሳቀስ አምሮቷ ቀድሞ ጠፋ።

ፍልሰታ ላይ አልሰማችኝም። "እሷን አልለቅም" ብላ ነሐሴ 1 ጀምራ 15ቱንም ቀን እንደ ድሮዋ እስከ ማታ ጾመች። ያ ዙር 34 ቀን ሄደ፣ ግን አልበዛም። አጭር ጾም መሆኑ ረድቷታል ብዬ እገምታለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሄሞግሎቢኗ 13.4፣ ፌሪቲኗ 19 ነበር። ከባዶ ወለል ወጣች እንጂ ሞላ የሚባል አይደለም። ኪኒኑን ለሦስት ተጨማሪ ወር ቀጠልን።

ከኅዳር 15 እስከ ገና የነበረው ጾመ ነቢያት እውነተኛው ፈተና ነበር፤ ባለፈው ዓመት መዛባት የጀመረው እዚያ ነውና። በምሳ ዕቃዋ ጾመችው። በዚያ መሐል የመጣው ዙር 31 ቀን፣ አምስት ቀን የፈሰሰ። ጥር ላይ ፌሪቲኗ 31፣ ሄሞግሎቢኗ 13.9፣ ክብደቷ 51 ሆነ።

የትኛው እንደሠራ መለየት አልችልም። ኪኒኑ፣ ምሳው፣ የቡናው ሰዓት፣ በመሐል የበላችው ሥጋና እንቁላል አብረው ነው የሄዱት። አንዲት ሴት ናት፤ በእሷ የመጣው በሌላዋ ላይመጣ ይችላል።

ከዚህ የወሰድኩት አሠራር

ከጾም በኋላ የምትመጣን ሴት ስለ ዑደቷና ስለ ብረቷ ለየብቻ እጠይቃለሁ። አንዱ መስተካከሉ ስለሌላው አይናገርም። ቀጠሮውም የወር አበባው ሲመለስ አያልቅም፤ ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ሦስት ወር ይቀጥላል።

ሄሞግሎቢን ከ12 እስከ 13 ሲመጣ ደህና ብዬ አልሸኝም። ከፍታውን ቀንሼ፣ የሕዋሱን መጠን አይቼ፣ ጠመኔና አፈር ያምራት እንደሆነ ጠይቄ ነው። ለፌሪቲን ገንዘብ የሌላት ሴት ብዙ ናት፤ ሦስቱ ፍንጮች አንድ ላይ ከገጠሙ ኪኒኑን እንጀምራለን፤ በወሩ ሄሞግሎቢኑ አንድ ግራም ያህል ካልጨመረ ወይ አልዋጠችውም ወይ ሌላ ምክንያት አለ።

ሁሉንም በጾም ማመካኘትም አደጋ አለው። ጾም ሳይኖርም ደሙ ከስምንት ቀን የሚያልፍ፣ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ፣ ሉፕ ካስገባች ወዲህ የበዛ፣ ወይም ከበላችም በኋላ ሦስት ወር የጠፋ ከሆነ ወደ ማኅፀን ሐኪም እንልካለን። የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ ሴት ደግሞ መዛባቱ ከመርፌው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳይጠይቁ ስለ ጾም ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ነፍሰ ጡርና አጥቢ ከመጡ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እነሱን ቤተ ክርስቲያኗም አታስጾምም።

ጥር ላይ ስትመጣ ሁዳዴ የካቲት 9 እንደሚገባ አስልታ ነበር። እስከዚያ ኪኒኑን እንድትቀጥል፣ በጾሙ አጋማሽ እንድትመዘንና ክብደቷ ከ49 ከወረደ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓትም ቢሆን እንድትደውልልኝ ተስማማን። ሰሙነ ሕማማትን ግን እንደ ድሮዋ ልጹም ብላ አባን እንደምትጠይቅ ነግራኛለች። የተቀጣጠርነው ለፋሲካ ማግስት ሳምንት ነው።